ከመምህርነት ወደ ሶፍትዌር ቴስቲንግ፦ ባዮዬ መስመር በመስመር

አሁን ሶፍትዌር ቴስተር ነኝ። ከዚህ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሥራ ስፈልግ ሲቪዬ አናት ላይና ሊንክድኢን ገጼ ላይ የምትቀመጥ አጭር ባዮ ነበረችኝ። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ፣ ማስተማር ትተው ወደ ቴስቲንግ መሻገር የሚፈልጉ ሰዎች «እስቲ ይህችን ባዮ እይልኝ» እያሉ ይልኩልኛል። ብዙዎቹ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ የራሴን ባዮ እየፈታሁ፣ እያንዳንዷ ዐረፍተ ነገር ለምን እንደገባች ልንገራችሁ።

የሚደርሰኝ ባዮ ባብዛኛው ይህን ይመስላል፦

«ታታሪ፣ ታጋሽና በቡድን መሥራት የምወድ ባለሙያ ነኝ። ለረጅም ዓመታት በመምህርነት ያገለገልኩ ሲሆን ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ። አሁን በሶፍትዌር ቴስቲንግ ዘርፍ ለመሰማራት ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ።»

ውሸት የለበትም። ግን ታጋሽነትንና መግባባትን ነርስም፣ ሻጭም፣ ሾፌርም ሊጽፈው ይችላል። ቀጣሪው አንብቦ ሲጨርስ ሰውየው ምን ሠርቶ እንደሚያውቅ አልተነገረውም። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት የሠሩት፣ ለቴስቲንግ በጣም የሚቀርበው ሥራ ባዮው ውስጥ የለም። ፈተና ማውጣት፣ ማረም፣ ከእርማት በኋላም ፈተናው ራሱ ደህና መሆኑን መመርመር ማለቴ ነው።

የኔ ይሄው፦

«ሶፍትዌር ቴስተር ነኝ። የድረ ገጽ ሲስተሞችን እፈትሻለሁ፤ ኤፒአይ በፖስትማን፣ ዳታ በኤስኪውኤል አረጋግጣለሁ። ከዚህ በፊት ለ9 ዓመት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ፈተና የማወጣው ከእቅድ ሰንጠረዥ ተነስቼ ነበር፤ ካረምኩ በኋላም እያንዳንዱ ጥያቄ ያወቀውን ካላወቀው መለየቱን እመረምር ነበር። ዛሬ ቴስት ኬዝ የምጽፈውም በዚያው ልማድ ነው። በተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ላይ የሠራሁትን የቴስት ኬዝ ዝርዝርና የስህተት ሪፖርት ከታች ባለው ሊንክ ታገኛላችሁ። የአይኤስቲኪውቢ ፋውንዴሽን ሰርተፍኬት አለኝ።»

ለአዲስ አንባቢ፦ ኤፒአይ ሲስተሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው፤ ፖስትማን እሱን መፈተሻ መሣሪያ፣ ኤስኪውኤል ደግሞ ዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ናቸው። ቴስት ኬዝ ምን እንደሚሞከርና ምን መሆን እንዳለበት የሚገልጽ አንድ ሙከራ ነው።

መጀመሪያ የምትመጣው ቴስተርነቴ ናት። «መምህር ነኝ፣ ቴስተር መሆን እፈልጋለሁ» ብሎ መጀመር አንባቢው ፋይሉን ገና ሳይጨርስ «ይሄ መምህር ነው» ብሎ እንዲያስቀምጠው ያደርጋል። ገና ካልተቀጠራችሁ «ሶፍትዌር ቴስተር ነኝ» ማለት ሊከብዳችሁ ይችላል። ያኔ «በሶፍትዌር ቴስቲንግ ሥራ እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ይህን ይህን ፈትሻለሁ» በሉ። የፈተሻችሁት ነገር ይቅደም፣ ምኞታችሁ ይከተል። ሊንክድኢን ላይ ይህ በተለይ ይጠቅማል። ስለ ራስ የሚጻፍበት ቦታ እስከ 2600 ፊደል ይቀበላል፤ ለሚያየው ሰው ግን ካልተጫነው በስተቀር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ከስማችሁ ስር ያለችው መስመር ደግሞ 220 ፊደል ብቻ ናት። እዚያ ላይ ታታሪነት ቦታ ይፈጃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ስለ ፈተናው ወደሚያወሩት ዐረፍተ ነገሮች።

የፈተና እቅድ ሰንጠረዥ የሠራ መምህር ያውቀዋል። በግራ በኩል የትምህርቱ ርዕሶች ይወርዳሉ። ከላይ የሚፈለገው የችሎታ ደረጃ ይጻፋል፦ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር። ከዚያ በየሳጥኑ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ ይሞላል። ይህን ሰንጠረዥ ሳይሠሩ ፈተና ቢያወጡ ምን ይሆናል? ጥያቄው ሁሉ ለማውጣት ቀላል የሆነው ላይ ይከመራል። «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ለማውጣት ደቂቃ አይፈጅም። ጨው የተነሰነሰበት ቅጠል ለምን እንደሚጠወልግ ማስጠየቅ ግን ማሰብ ይጠይቃል። ሰንጠረዡ ባዶውን ሳጥን አፍጥጦ ያሳያችኋል።

ቴስቲንግ ላይ ያለው ነገር ቁርጥ ይሄው ነው። በግራ በኩል የሲስተሙ መስፈርቶች ይወርዳሉ። ከላይ ደግሞ፦ ተጠቃሚው ሁሉን በትክክል ሲያደርግ፣ የሚገባው ቁጥር ከተፈቀደው ድንበር ላይ ሲሆን፣ የተሳሳተ ነገር ሲገባ፣ ምንም ሳይገባ ሲቀር። አዲስ ቴስተር ሰንጠረዥ ካልሠራ ቴስት ኬዞቹ ሁሉ የመጀመሪያው አምድ ላይ ይከመራሉ፤ ሁሉ ነገር ሰላም የሆነበት አምድ ላይ። ስለዚህ ባዮዬ ላይ «ጠንቃቃ ነኝ» ከማለት ይልቅ «ከእቅድ ሰንጠረዥ ተነስቼ» ብዬ ጻፍኩ። ቴስተር የሆነ ሰው ካነበበው ወዲያው ይገባዋል። ቃለ መጠይቅ ላይም ስለዚህች ሐረግ ተጠይቄያለሁ፤ ሰንጠረዡን ወረቀት ላይ ስዬ ነው ያስረዳሁት።

ግን ባዮ ላይ መናገር ብቻውን አያሳምንም። ለዚህ ነው በሊንኩ የሥራ ናሙና ያያያዝኩት። ናሙናው ምን እንደሚመስል በዝርዝር ላሳያችሁ፤ ብዙ ሰው ተጨንቆ የሚቀረው እዚህ ነው።

የመረጥኩት ሲስተም ትንሽዬ የውጤት መመዝገቢያ ነው። መስፈርቱ ሦስት መስመር ነው፦ መምህሩ የእያንዳንዱን ፈተና ውጤት ከ0 እስከ 100 በሙሉ ቁጥር ያስገባል። ሲስተሙ የፈተናዎቹን አማካይ ያሰላል። አማካዩ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «አልፏል»፣ ካልሆነ «አላለፈም» ይላል።

ውጤት ማስገቢያው ላይ ከ0 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ መሞከር ትርፉ ድካም ነው። 37 ከሠራ 38ም ይሠራል ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው። ስህተት የሚደበቀው ድንበሩ ላይ ነው፤ ኮድ የጻፈው ሰው «ይበልጣል» እና «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» የሚሉትን ምልክቶች የሚያቀያይረው እዚያ ስለሆነ። ስለዚህ -1፣ 0፣ 100 እና 101 ይሞከራሉ። መሀል ላይ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 63፣ ይበቃል። ከዚያ 75.5፣ ፊደል፣ ባዶ። ከእያንዳንዱ ጎን ምን መሆን እንዳለበት ይጻፋል፦ «101 ሲገባ ሲስተሙ አይመዘግብም፤ ከ0 እስከ 100 ብቻ እንደሚቀበል ይናገራል።» ይህ የሚጠበቅ ውጤት የሚባለው ነው። ሳይሞክሩ በፊት መጻፍ አለበት፤ የመልስ ቁልፍ ከእርማት በፊት እንደሚዘጋጅ ሁሉ። ስክሪኑን አይቶ ከዚያ «አዎ፣ ልክ ይመስላል» ማለት የተማሪውን መልስ አይቶ ቁልፍ እንደመሥራት ነው።

አማካዩ ጋ ሲደረስ ነገሩ ይጥማል። የማለፊያው ድንበር 50 ነው። ሁለት ፈተና፣ 48 እና 50፦ አማካይ 49፣ አላለፈም። 50 እና 50፦ አልፏል። 49 እና 50 ሲሆንስ? አማካዩ 49.5 ነው። ሲስተሙ ስክሪኑ ላይ አጠጋግቶ «50» ብሎ ያሳያል፤ ማለፉን የሚወስነው ግን ባልተጠጋጋው 49.5 ነው። ስለዚህ ተማሪው የሚያየው «አማካይ 50፣ አላለፈም» የሚል ነው። ውጤት ሰጥቶ የሚያውቅ መምህር ይህን ሲያይ ነገ ጠዋት በሩ ላይ የሚቆመው ተማሪና ወላጅ ወለል ብሎ ይታየዋል። ናሙናዬ ውስጥ ያስገባሁት የስህተት ሪፖርት ይህን ነው፦

ርዕስ፦ አማካዩ 49.5 ሲሆን ስክሪኑ 50 እያሳየ «አላለፈም» ይላል።
አካሄድ፦ አዲስ ተማሪ መዝግብ፤ ለፈተና 1 ውጤት 49፣ ለፈተና 2 ውጤት 50 አስገባ፤ የውጤት ገጹን ክፈት።
የታየው፦ አማካይ 50፣ ውሳኔ «አላለፈም»።
የሚጠበቀው፦ የሚታየው አማካይና ውሳኔው መጣጣም አለባቸው። መስፈርቱ ስለ ማጠጋጋት ስለማይናገር፣ 49.5 ይታይ ወይስ ተማሪው ይለፍ የሚለው በመስፈርቱ ባለቤት ይወሰን።

የመጨረሻዋን መስመር ልብ በሉልኝ። መምህር ክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቀው ሰው ነው። ቴስተር ግን ደንብ አያወጣም። እኔ በልቤ «ይለፍ» ልል እችላለሁ፤ ሪፖርቱ ላይ የምጽፈው ግን የማይጣጣመውን ነገርና ሊወሰን የሚገባውን ጥያቄ ነው። ከመምህርነት የመጣ ሰው ይህችን ልማድ ቶሎ መያዝ አለበት። ናሙናው ላይ ስትታይም ቀጣሪው ደስ ይለዋል፤ መምህራን «እናውቃለን» ብለው ራሳቸው ይወስናሉ ብሎ የሚሰጋ አለና።

ሪፖርት አጻጻፉም ከእርማት የመጣ ነው። ተማሪ ደብተር ላይ «ትኩረት ስጥ» ብሎ የሚጽፍ መምህር ተማሪውን አልረዳውም። «ጥያቄ 4 ላይ የማጉያውን መጠን ጻፍክ እንጂ የሥዕሉን ርዝመት አልለካህም» ያለው ረድቶታል። ዴቨሎፐርም እንዲሁ ነው። «አማካዩ አይሠራም» ከተባለ ተመልሶ ይጠይቃል፣ ወይም የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ይዘጋዋል። 49 እና 50 ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን በአንድ ደቂቃ ስህተቱን ራሱ ያየዋል።

ከናሙናዬ ውስጥ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ የተወራበት ሌላ ነው፤ ፈተና ላይ ያልተገኘ ተማሪ። መስፈርቱ ስለዚህ አንድም ቃል አይልም። መምህር ግን ያውቃል፦ ያልተፈተነና ዜሮ ያገኘ አንድ አይደሉም። ሦስት ፈተና ያለበት ተማሪ እንውሰድ። አንዱ ላይ 72፣ ሌላው ላይ 60 አገኘ፤ ሦስተኛው ቀን ታሞ ቀረ። ባዶው ካልተቆጠረ 132 ለ2 ሲካፈል አማካዩ 66 ነው፣ አልፏል። ባዶው እንደ ዜሮ ከተቆጠረ 132 ለ3 ሲካፈል 44 ነው፣ አላለፈም። ያው ተማሪ፣ ያው ወረቀት፤ ሳጥኑ ባዶ ሲተው ሲስተሙ ምን እንደሚመዘግብ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ይህን ስክሪኑ ላይ ብቻ አይቶ ምክንያቱን ማወቅ ያስቸግራል። ዳታቤዙን መጠየቅ ይሻላል። ባዮዬ ላይ «ዳታ በኤስኪውኤል አረጋግጣለሁ» ያልኩት በዚህ ደረጃ ነው፤ ከዚህ በላይ አላጋነንኩትም፦

```sql
SELECT student_id, AVG(score), COUNT(score), COUNT(*)
FROM scores
GROUP BY student_id;
```

ኤስኪውኤል ላይ `AVG` ባዶ የሆነውን፣ ማለትም `NULL` የሆነውን ዋጋ አይቆጥርም። `COUNT(score)` ባዶ ያልሆኑትን ብቻ ይቆጥራል፤ `COUNT(*)` ደግሞ ረድፉን ሁሉ። ስለዚህ ለዚያ ለቀረው ተማሪ 2 እና 3 ከመጣ ባዶው በባዶነቱ ተመዝግቧል። 3 እና 3 ከመጣ ሲስተሙ ባዶውን በዜሮ ቀይሮታል። 2 እና 2 ከመጣ ደግሞ ለዚያ ፈተና ረድፉ ጭራሽ አልተፈጠረም፤ አማካዩ 66 ስለሚሆን ስክሪኑ ላይ ሁሉ ደህና ይመስላል፣ ግን ተማሪው መቅረቱን የሚያሳይ መረጃ የለም። የሚጠበቀው የቱ ነው? አሁንም የመስፈርቱ ባለቤት ነው የሚመልሰው። ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ግን ክፍል ውስጥ የቆየው ሰው ነው። ባዮ ላይ ማስተማር ቦታ የሚገባው ለዚህ ነው፤ በተለይ የምታመለክቱት የትምህርት ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ከሆነ። ሌላ ዓይነት ድርጅት ከሆነ ደግሞ ናሙናውን በዚያ ዘርፍ ብትሠሩት ይሻላል። የድንበር ዋጋው፣ ባዶው፣ ማጠጋጋቱ ክፍያ ላይም፣ ቀጠሮ ላይም ያው ናቸው።

ቀጥላ የምትመጣው «ጥያቄው ያወቀውን ካላወቀው መለየቱን» የምትለዋ ናት። ይህች ባዮዬ ውስጥ በጣም የምወዳት ናት፤ ግን የሠራው ሰው ብቻ ነው መጻፍ ያለበት።

አሠራሩ ይህ ነው። ፈተናው ከታረመ በኋላ ተማሪዎች በጠቅላላ ውጤታቸው ይደረደራሉ። ከላይ 27 በመቶው፣ ከታች 27 በመቶው ይወሰዳል። 40 ተማሪ ባለበት ክፍል ከላይም ከታችም 11 ያህል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ተወስዶ ከላይኞቹ ስንቱ፣ ከታችኞቹ ስንቱ እንደመለሱት ይቆጠራል። ከላይ 10፣ ከታች 3 ከሆነ ልዩነቱ 7 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 0.64። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከላይ 4፣ ከታች 7 ከሆነስ? ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጎበዞቹ የሳቱትን ደካሞቹ እንዴት መለሱት? እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ተማሪው አይደለም፤ የመልስ ቁልፉ ነው፣ ወይም ጥያቄው ሁለት መልስ ያለው መሆኑ ነው።

ቴስት ሲወድቅም ጥርጣሬው ሁለት አቅጣጫ አለው። ሲስተሙ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የጻፍኩት የሚጠበቅ ውጤት ተሳስቶም ሊሆን ይችላል፤ መስፈርቱ ተቀይሮ እኔ የያዝኩት የድሮውን ሊሆን ይችላል። ሪፖርት ከመላኬ በፊት ቁልፉን የማየው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። ሌላም አለ። ተማሪ ሁሉ የሚመልሰው ጥያቄ ምንም አይለይም። ኮዱ ተሰብሮም የማይወድቅ ቴስት እንዲሁ ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ መሞከሪያ ቦታ ላይ ሆን ብላችሁ አንድ ነገር አበላሹ። ለምሳሌ የማለፊያውን 50 ወደ 60 ቀይሩት። አማካዩ 50 ለሆነ ተማሪ «አልፏል» የሚጠብቀው ቴስት አሁንም ካለፈ፣ ቴስቱ ገጹ መከፈቱን እንጂ ውሳኔውን እያየ አልነበረም።

ግን መመሳሰሉ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ቃለ መጠይቅ ላይም እንዲህ ብዬ ብናገር አልፈራም። ፈተና ላይ ሁሉ የመለሰውን ጥያቄ አውጥተን እንጥላለን። ቴስቲንግ ላይ ግን ሁልጊዜ የሚያልፍ ቴስት፣ መውደቅ የሚችል እስከሆነ ድረስ፣ ይቀመጣል። ሥራው ዛሬ ስህተት ማግኘት አይደለም፤ ነገ ዴቨሎፐሩ ሌላ ቦታ ሲነካካ ይህኛው እንዳይሰበር መጠበቅ ነው። ሪግሬሽን ቴስት የሚባለው ይሄ ነው። ባዮ ላይ ሁለቱን ሥራ አንድ ናቸው ብላችሁ አትጻፉ። «በዚያው ልማድ» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

እንዲህ ዓይነት ትንተና ያልሠራ መምህር ብዙ ነው፤ ምንም ችግር የለውም። ቋንቋ ያስተማረ ሰው ድርሰት በነጥብ መስጫ መመዘኛ አርሟል፤ ሁለት አራሚ አንድን ድርሰት ተቀራራቢ ነጥብ እንዲሰጡት መመዘኛውን አስተካክሏል። ይህ የማያሻማ የሚጠበቅ ውጤት መጻፍ ነው። ታችኛ ክፍል ያስተማረች አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ባዮዋ ላይ የጻፈችው መመሪያ ስለ መስጠት ነው። «ወረቀቱን እጠፉት» ስትል ልጆቹ በስንት ዓይነት መንገድ እንደሚያጥፉት አይታለች። አሁን የምትፈትሸው ሰው መመሪያ እያነበበ የሚሞላቸውን ፎርሞች ነው፤ ዴቨሎፐሩ ያላሰበውን አረዳድ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። እናንተም የምትጽፉት በእጃችሁ የሠራችሁትን ይሁን፤ «አንድ ምሳሌ ስጠኝ» ሲባል ወዲያው የሚመጣላችሁን።

ስለ ዓመታቱ አንድ ነገር ልበል። «የ9 ዓመት ልምድ ያለኝ ቴስተር» ብሎ የመምህርነቱን ዓመት ቴስቲንግ ላይ መደመር የሚያጓጓ ነገር ነው። አይደረግም። ሲቪው ላይ ያሉት ቀናት ሁለት መስመር ዝቅ ብለው ይታያሉ፤ ቀጣሪው ሲያስተያይ ሌላውንም ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። ዓመቱ ከማስተማር ጋር ብቻ ይጻፍ። መሣሪያዎችም እንዲሁ። እኔ ስጽፍ ፖስትማን ላይ ጥያቄ ልኬ፣ የመጣው የምላሽ ኮድ 200፣ ማለትም ተሳክቷል፣ ወይም 400፣ ማለትም የተላከው ጥያቄ ስህተት አለበት፣ መሆኑን አይቼ፣ መልሱ ውስጥ ያለውን ዳታ ከሚጠበቀው ጋር ማስተያየት እችል ነበር። ያንን ጻፍኩ። አውቶሜሽን፣ ማለትም ቴስትን በፕሮግራም ማስኬድ፣ ገና አላውቅም ነበርና አልጻፍኩም። ማስተማር እነዚህን አይሰጥም፤ ለብቻ መማር አለባቸው። ባዮው ውስጥ የማስተማር ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ካሉና አንድም የመሣሪያ ስም ከሌለ፣ ጥሩ መምህር መሆናችሁ ብቻ ነው የሚነበበው።

ሰርተፍኬቱ መጨረሻ ላይ ያለው በምክንያት ነው። አይኤስቲኪውቢ ለቴስተሮች ሰርተፍኬት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃው የፋውንዴሽን ፈተና 40 ጥያቄ ነው፣ 60 ደቂቃ ይሰጣል፣ ለማለፍ 26 ያስፈልጋል። የፈተናው ቋንቋ የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ካልሆነ 25 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀዳል፤ ስትመዘገቡ ጠይቁ። ዋና ጥቅሙ ቴስተሮች የሚነጋገሩበትን ቃላት ማስያዙ ነው። የድንበር ዋጋ ምን እንደሆነ ማወቃችሁን ያሳያል፤ 49.5ን ማግኘት መቻላችሁን ግን የሚያሳየው ናሙናው ነው። ስለዚህ ናሙናው ቀደመ።

ለምን ማስተማር እንደተውኩ ባዮዬ ውስጥ የለም። ቃለ መጠይቅ ላይ መጠየቁ አይቀርም፤ በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ፣ የቀድሞ ትምህርት ቤታችሁን ሳታሙ። ባዮ ላይ ግን ቦታ አይገባውም፤ ያለችውን ጥቂት ቦታ ለሥራው ተዉለት።

ሥራ ከተያዘ በኋላ ባዮው መቀየር አለበት። የኔ አሁን ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ የምፈትሸው የሲስተም ዓይነት፣ ቀጥሎ የጻፍኳቸው የሪግሬሽን ቴስቶች ምን ምን እንደሚሸፍኑ፣ ከዚያ የምጠቀምባቸው መሣሪያዎች ተጽፈዋል። የውጤት መመዝገቢያው ናሙና ወጥቷል፤ አሁን በሥራዬ የማሳየው አለኝና። ማስተማሩ ወደ አንድ ዐረፍተ ነገር አጥሮ ወደ መጨረሻ ወርዷል፦ «ቀድሞ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ፤ ፈተና ከእቅድ ሰንጠረዥ ማውጣትና ውጤቱን በቁጥር መመርመር የለመድኩት እዚያ ነው።» ያቺን እስካሁን አላወጣኋትም። አዲስ ፕሮጀክት ላይ ስመደብ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለሷ ነው።